ከ8 እስከ 2

አንድ ሰው የተጻፈውን ቁጥር ሳይቀንስና ሳይጨምር ተናግሮ ሰውን ሊያሳስት ይችላል? «እንዴት ይሆናል?» ከማለታችሁ በፊት ባለፈው ዓመት የሆነብኝን ስሙ።

የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ከበራችን ፊት ለፊት አንዲት አረጋዊት እናት ይኖራሉ፤ ሁላችንም «እማማ» እንላቸዋለን። እንግሊዝኛ አያነቡም። አንድ እሑድ ከአምልኮ ስንመለስ በራቸው ላይ የተንጠለጠለውን ወረቀት ይዘው ጠበቁኝ። «ልጄ፣ ይቺን እስቲ አንብብልኝ» አሉ። የመብራት ድርጅቱ ማስታወቂያ ነበር። እኔም ቸኩዬ፣ «ማክሰኞ ከ8 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት መብራት ይጠፋል። ሌላው የተለመደው ጥንቃቄ ነው» ብዬ ገባሁ።

ወረቀቱ ላይ የነበሩት ቁጥሮች እነዚሁ ናቸው። እማማ ግን ሰዓት የሚቆጥሩት እንደ አገራችን ነው። ለእርሳቸው 8 ሰዓት ከቀትር በኋላ፣ 2 ሰዓት ደግሞ ምሽት ነው። ወረቀቱ የሚለው መብራቱ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጠፍቶ ከቀኑ 8 ሰዓት ይመጣል ነበር። እኔ የነገርኋቸው መብራቱ የሚመጣበትን ሰዓት የሚሄድበት አስመስሎ ነው። ስለዚህ ማክሰኞ ማለዳ «መብራቱ ሳይሄድ ልጋግር» ብለው የኤሌክትሪክ ምጣዳቸውን ጣዱ። ሦስተኛውን እንጀራ ሳያወጡ ጠፋ።

ነገሩ በእንጀራው ቢያበቃ ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር። ረፋዱ ላይ ልጠይቃቸው ስገባ መስኮቱ ተዘግቷል፤ በረንዳ ላይ የሚያስቀምጡት የከሰል ማንደጃ ወጥ ቤት ውስጥ ፍም ይዟል፤ ጀበናውም ተጥዷል። እርሳቸው ራሳቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። «ራሴን ወጋኝ፣ ቡና ያልጠጣሁ እንደ ሆነ ነው» አሉኝ። ቡናው አልነበረም። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም። የሚታወቀው በራስ ምታት፣ በማዞርና በማቅለሽለሽ ነው፤ ሰውም ድካም ወይም ጉንፋን ይመስለዋል። ይዣቸው ወደ ውጭ ወጣሁና 911 ደወልሁ። የእሳት አደጋ ሠራተኞች መጥተው አየሩን እስኪለኩ ድረስ ደጅ ቆየን። ደኅና ናቸው፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ማታ ወረቀቱን እንደገና አነበብሁት። «የተለመደው ጥንቃቄ» ብዬ ያለፍሁት ክፍል ጀነሬተርና ግሪል ቤት ውስጥ እንዳይሠራ ያዝዛል። ቃል በቃል ብተረጉምላቸውስ? ግሪልም ጀነሬተርም የላቸውም፤ ትእዛዙ ለሌላ ሰው የተጻፈ ይመስላቸው ነበር። ለእርሳቸው ትርጉሙ «ለቡናም ቢሆን ከሰል ቤት ውስጥ አይያያዝ» ነው። በነህምያ ምዕራፍ 8 ሌዋውያኑ ሕጉን በማንበብ ብቻ አላበቁም፤ ሕዝቡ እንዲያስተውል ያስረዱም ነበር።

ከዚያ በታች ሌላ መስመር አለ፦ በቤት ውስጥ በመብራት የሚሠራ የሕክምና መሣሪያ ያለው ሰው አስቀድሞ ይደውል ይላል። ይህንንም «እርሳቸውን አይመለከትም» ብዬ ትቼው ነበር። እማማ ግን የአስም መድኃኒታቸውን የሚስቡበት ማሽን አላቸው። እኔ አላውቅም ነበር። የሌላው ሰው ጓዳ ውስጥ ያለውን ሳላውቅ የሚያስፈልገውንና የማያስፈልገውን መረጥሁለት። ከሰዓቱ ስሕተት ይልቅ የከበደኝ ይህ ነው።

ክረምት ሲገባ ሁለተኛ ወረቀት መጣ፤ ሰዓቱም ያው ነበር። በዚህ ጊዜ ተቀምጬ ከላይ እስከ ታች አነበብሁላቸው። «ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት» ብዬ በትልልቁ ጽፌ ፍሪጁ ላይ ለጠፍሁ። ዝናብ ከጣለ ቀኑ ሊለወጥ ይችላል የሚለውንም «ሊለወጥ ይችላል» ብዬ ነገርኋቸው፤ «ይለወጣል» አላልሁም። የከሰሉን ነገር ስጨምር «ይህ ከእኔ ነው፣ ወረቀቱ ላይ የለም» አልኋቸው፤ የራሴን ቃል በድርጅቱ አፍ ማስገባትም ሌላ ማሳሳት ነውና። ያልተከፈተ ፍሪጅ ቅዝቃዜውን የሚይዘው 4 ሰዓት ያህል ነው፤ መብራቱ ግን የሚጠፋው 6 ሰዓት ነው። ስለዚህ ሥጋውንና ወተቱን ከዋዜማው ወደ ማቀዝቀዣው ክፍል አዛወርን።

በመጨረሻ «ገባዎት?» ብዬ አልጠየቅሁም። እናቶቻችን እኛን ላለማሳፈር «አዎ» ይላሉ። «እንግዲህ ማክሰኞ ምን ያደርጋሉ?» አልኋቸው።

«ሰኞ እጋግራለሁ፤ ስለ ማሽኔ ዛሬውኑ ትደውልልኛለህ፤ ቡናውን ደግሞ እናንተ ቤት እጠጣለሁ» አሉ።

«እኛም ቤት መብራት የለም እኮ፣ እማማ።»

«እንግዲያስ በፔርሙስ አድርጌ አመጣለሁ» አሉና ሳቁ። ያን ጊዜ ወረቀቱ እንደ ተተረጎመ አወቅሁ።