የአጥንት ትዕግሥት

የሰው ልጅ ሲወለድ ቁመቱ 50 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በመጀመሪያው ዓመት 25 ሴንቲ ሜትር ይጨምራል፤ በሁለተኛው ደግሞ 12 ያህል። ከዚያ ወዲያ፣ በጉርምስና ሽቅብ በሚመዘዝበት ጊዜ እንኳ፣ የመጀመሪያውን ዓመት ፍጥነት ዳግመኛ አያገኘውም። ይህን ሁሉ የሚሠራው በረጃጅም አጥንቶቻችን ጫፍ አጠገብ የተቀመጠ፣ ውፍረቱ ከጥቂት ሚሊ ሜትር የማያልፍ ስስ ንጣፍ ነው። ገና አጥንት አልሆነም፤ የአፍንጫችንን ጫፍ ከሠራው ዓይነት ለጋ አጥንት ነው። ደም ሥር እንኳ አልገባበትም፤ ሲሳዩ ከዙሪያው ሰርጎ ይደርሰዋል።

በዚህ ንጣፍ ውስጥ ሕዋሳቱ በተራ ተሰልፈዋል። ከላይ ያሉት መጠባበቂያዎች ናቸው፤ ዝም ብለው ይቆያሉ። ከእነርሱ በታች ያሉት እየተከፈሉ ይበዛሉ፤ አንዱ በሌላው ላይ ተደርድሮ ዓምድ ይሠራሉ። ከዓምዱ ግርጌ የደረሱት ደግሞ መከፈላቸውን ትተው ያብጣሉ፤ ከቀድሞ መጠናቸው ብዙ እጥፍ ይሆናሉ። አጥንቱን ገፍቶ የሚያስረዝመው በዋናነት ይህ ማበጥ ነው። ካበጡም በኋላ ቦታቸውን ለእውነተኛው አጥንት ይለቃሉ። አንድ ሕፃን ተኝቶ ሳለ ጭኑ ውስጥ ይህ ሁሉ በሥርዓት እየተከናወነ መሆኑን ሳስብ፣ ሳላስበው አንገቴን እደፋለሁ።

እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን ንጣፉ ሲሠራ ሳይሆን ሥራ ሲያቆም የሚያደርገው ነገር ነው።

ልጅ ሲራብ፣ በተለይም የሚገነባ ምግብ ሲጎድለው ወይም ተቅማጥና ትኩሳት ሲመላለስበት፣ ሰውነቱ ያለውን ይደለድላል። አንጎልና ልብ ይቀድማሉ። ጉበት አጥንትን “እደግ” የሚለውን ሆርሞን ይቀንሳል፤ የዓምዶቹም ሥራ ይዘገያል፣ ወይም ይቆማል። መጠባበቂያዎቹ ሕዋሳት ግን አይባክኑም። እያንዳንዳቸው ሊከፈሉ የሚችሉበት ብዛት የተወሰነ ነው፤ ንጣፉም የሚያረጀው በቀን ቁጥር ብቻ ሳይሆን ባጠፋው ድርሻ ልክ ነው። የተራበ ልጅ ንጣፍ ድርሻውን ስላልተጠቀመበት ከዕድሜው ይልቅ ወጣት ሆኖ ይቆያል። እህል ሲመለስም በወጣትነቱ ፍጥነት ይነሣል። ፕራደር፣ ታነርና ፎን ሃርናክ የተባሉ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1963 ይህን ከችግር በኋላ የሚመጣ ፈጣን እድገት ዘግበው ስም አወጡለት፤ እኛ ማካካሻ እድገት እንበለው። ምሥጢሩ ከንጣፉ ውስጥ መሆኑን ያሳየው ግን እ.ኤ.አ. በ1994 ጄፍሪ ባሮንና ባልደረቦቹ በጥንቸል ላይ ያደረጉት ሙከራ ነው። እድገትን የሚገታ መድኃኒት የአንድ እግር ንጣፍ ላይ ብቻ አፈሰሱ። መድኃኒቱ ሲቆም ያ እግር ከጤነኛው ወንድሙ ፈጥኖ ማደግ ጀመረ። በሁለቱም እግሮች የሚዞረው ደም አንድ ነው፤ ስለዚህ የተቋረጠውን ያስታወሰው አጥንቱ ራሱ ነበር።

እንግዲህ ወደ ሰሜን ሸዋ ደጋ እንውጣ። መንዝና ግሼ ከፍታው ሦስት ሺህ ሜትር የሚደርስና የሚያልፍ፣ ውርጭ የማይለየው፣ ገብስ የሚበላበት፣ ብዙው ገበሬ የበልግ ዝናብን ተስፋ የሚያደርግበት አገር ነው። በ1976 ዓ.ም. በልጉ ቀረ፤ ክረምቱም ተከትሎ ከዳ። ሰዉ ሁሉ “ሰባ ሰባት” ብሎ የሚጠራው ረኀብ መጣ። ያን ጊዜ ጡት ላይ ከነበሩት ሕፃናት ብዙዎቹ አለፉ። የተረፉት ዛሬ አርባን ተሻግረዋል።

የተረፉትን ቁመት የለኩ ሰዎች አሉ። ስቴፋን ደርኮንና ካትሪን ፖርተር እ.ኤ.አ. በ2014 ያሳተሙት ጥናት የኢትዮጵያን ገጠር ቤተሰቦች ለዓመታት በተከታተለ ዳሰሳ ላይ የተመሠረተ ነው፤ ዳሰሳው ከሸፈናቸው መንደሮች መካከል በደብረ ብርሃን ዙሪያ ያሉትና ከአንኮበር አጠገብ ያለችው ድንኪ ይገኙባቸዋል። ረኀቡ በበረታበት ወቅት ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 36 ወር የነበሩት ልጆች ሲጎለምሱ ከሌሎቹ ቢያንስ በ5 ሴንቲ ሜትር አጥረው ተገኙ። ያን ጊዜ ከፍ ከፍ ያሉት ልጆች ይህን ያህል አልጎደሉም። ምክንያቱን ለመገመት አያስቸግርም። የሁለት ዓመቱ ልጅ የእናቱ ጡት የማይበቃው፣ ግን አጥንቱ ገና በፍጥነት የሚሠራ ነው። የስምንት ዓመቱ ልጅ በዓመት የሚጨምረው ስድስት ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ አንድ ክፉ ዓመት የሚነጥቀውም በዚያው ልክ ያነሰ ነው።

እነዚያ 5 ሴንቲ ሜትሮች ለእኔ ሁለት ነገር ይናገራሉ። ረኀቡ ካለፈ በኋላ ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ የማካካሻ ጊዜ ነበራቸው፤ ያም ሆኖ ጉድለቱ አልተሞላም። በሌላ በኩል አገር ምድሩን ያራቆተ ረኀብ በቁመታቸው ላይ የተወው ጠባሳ አንድ ጣት በማትሞላ ርዝመት የሚለካ መሆኑ፣ ያ ስስ ንጣፍ ምን ያህል እንደታገለላቸው ያሳያል።

ረኀብ ግን በዓመቱ ይታወቃል፤ ይታወሳልም። የዘወትሩ ጉድለት ነው የሚደበቀው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ የጤና ዳሰሳ በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ልጆች 46 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ፤ በ2019 ወደ 41 በመቶ ወርዷል። የቀነጨረ ልጅ ግን የግድ ከሲታ አይደለም። ክንዱ ላይ የሚታሰረው መለኪያ አረንጓዴ ያሳይ ይሆናል፤ ከእኩዮቹ ጋር ሲቆምም እኩል ነው፣ እኩዮቹም ቀንጭረዋልና። የሚያውቀው የቁመት መለኪያ ሰሌዳው ብቻ ነው፤ ከሁለት ዓመት በታች ያለው ተኝቶ፣ በላይ ያለው ቆሞ ይለካል። ያው ልጅ ተኝቶ ሲለካ ከቆመበት ይልቅ 0.7 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚረዝም፣ ሁለቱን ያምታታ ለኪ ያላደገውን ልጅ ያሳድጋል።

አንድ የግሼ ወንድ ልጅ እናስብ። ሁለት ዓመት ሲሞላው ቆሞ ተለካና 78 ሴንቲ ሜትር ሆነ። የዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ ጤነኛ ልጅ በዚህ ዕድሜ በመካከለኛ ቁመት 87.1 እንደሚሆን ይናገራል፤ ስለዚህ ልጁ 9 ሴንቲ ሜትር ጎድሎታል፣ “በከፋ ሁኔታ የቀነጨረ” ከሚባለው መስመር ላይም ነው። አምስት ዓመት ሲሞላው 100.7 ሆነ፤ ከ“ከፋ” ወጥቶ መቀንጨር ከሚያበቃበት መስመር ደረሰ። መዝገቡን ያየ ሁሉ ልጁ አካክሷል ይላል። ነገር ግን መካከለኛው የአምስት ዓመት ልጅ 110 ነው። ጉድለቱ አሁንም 9 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ነው፤ አንዲት ሴንቲ ሜትር አልተመለሰችም። መስመሩን ያሻገረው በጤነኛ ልጆች መካከል ያለው የቁመት ልዩነት ከዕድሜ ጋር እየሰፋ መሄዱ ነው፤ ያው 9 ሴንቲ ሜትር በሁለት ዓመት ዕድሜ እጅግ ብዙ ነው፣ በአምስት ዓመት ግን ያን ያህል እንግዳ አይደለም።

ይህን የምለው የልጁን ነገር ለማቃለል አይደለም። በሦስት ዓመት ውስጥ ከጤነኛው እኩል ከ22 ሴንቲ ሜትር በላይ አድጓል፤ ጉድለቱ መስፋቱን አቁሟል። ይህ ራሱ ትልቅ ነገር ነው፤ ብዙዎቹ ልጆች ከሁለት ዓመት በኋላም በሴንቲ ሜትር ሲቆጠር እየራቁ ይሄዳሉ። ነገር ግን ማካካስ ማለት የጎደለው ሴንቲ ሜትር ሲቀንስ ነው። ጤና ኬላው ያንን ለማወቅ ከመስመሩ ሌላ ጉድለቱን ራሱን መመዝገብ ይኖርበታል።

ከፍታውም ድርሻ አለው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ቃለአብ ባየና ካሌ ሂርቮነን የብዙ አገሮችን ዳሰሳ መርምረው ከፍታ በጨመረ ቁጥር የልጆች ቁመት እንደሚቀንስ፣ ይህም ከማሕፀን እንደሚጀምር እ.ኤ.አ. በ2020 አሳይተዋል። በእነርሱ ስሌት የሦስት ሺህ ሜትር ከፍታ በሁለት ዓመት ልጅ ላይ አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ያጎድላል። ስለዚህ የመንዝን ልጅ ጉድለት በሙሉ በእናቱ ድስት ማሳበብ ግፍ ነው። ድስቱም ቢሆን የራሱ ነገር አለው። ከጡት ቀጥሎ የሚመጣው የገብስ አጥሚት ሆድ ቢሞላም ቀጭን ነው፤ በጾም ወራት ደግሞ ሕፃን ጾም ባይገደድም፣ ዕቃው እንዳይነካካ ሲባል እንቁላል ሳይሠራለት የሚቀርበት ቤት ብዙ ነው።

ታዲያ ምን ያህሉ ይመለሳል? የሚመለስበት መንገድ ሁለት ነው፤ ወይ ፈጥኖ ማደግ፣ ወይ ረዘም ላለ ጊዜ ማደግ። ለፈጣኑ የሚበላውና የሚኖርበት ሁሉ ቶሎ መለወጥ አለበት፤ በዚያው ቤት፣ በዚያው ውኃ ለሚያድግ ልጅ ይህ እምብዛም አይደርሰውም። ሁለተኛውን ግን ሰውነቱ ራሱ ይሰጠዋል። የተጎዳ ልጅ አጥንት ከዕድሜው ያነሰ ስለሆነ ጉርምስናው ይዘገያል፤ በጋምቢያ ገጠር የተደረገው የረጅም ጊዜ ክትትል ወንዶች ልጆች ሃያ ዓመት ሲያልፋቸውም ማደጋቸውን እንደቀጠሉ አሳይቷል።

በመንዝ ጓሳ ሜዳ ላይ ጅብራ የሚባለውን ተክል ያየ ሰው ስለ መጠበቅ ያውቃል። ለብዙ ዓመታት ቅጠሉን ዘርግቶ ሳይቸኩል ይቆይና፣ አንድ ጊዜ ብቻ ከሰው ቁመት በላይ ተመዝዞ ያብባል። አጥንት ግን እንደ ጅብራ እንዲጠብቅ ሙሉ ነጻነት የለውም። በወንድም በሴትም ኢስትሮጅን ሲበዛ ንጣፉን አጥንት ያደርገዋል፤ ከዚያ ወዲያ ወተትም ሥጋም ቁመት አይጨምርም። ችኮላም የራሱ ዋጋ አለው። ከሕንድ ወደ ስዊድን በጉዲፈቻ የሄዱ ቀንጭረው የነበሩ ሴቶች ልጆች በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በአስደናቂ ፍጥነት አካካሱ። ጉርምስናቸው ግን ቀደመ፤ የወር አበባቸውን በአማካይ በ11 ዓመት ተኩል ገደማ አዩ፣ የመጨረሻ ቁመታቸውም በአማካይ 154 ሴንቲ ሜትር ላይ ቆመ። ያገኙትን ያህል ባይሆንም የተወሰነውን መልሰው አጡት።

በደጋ ቀርታ ዘግይታ የምትጎረምሰው ልጅ ይህ አይደርስባትም። የእሷ አደጋ ሌላ ነው። በገጠር ባንግላዴሽ ልጃገረዶችን በተከታተለ ጥናት በጉርምስና ያረገዙት ቁመታቸው ሲቆም፣ ያላረገዙት እኩዮቻቸው በጥቂቱም ቢሆን ማደጋቸውን ቀጥለው ነበር። የመንዝ ልጅ በ15 ዓመቷ ስትዳር ከፊቷ የሚቀረው እድገት ምናልባት ሁለትና ሦስት ሴንቲ ሜትር ነው። ግን ይህ የዘገየ እድገት በሕፃንነቷ ከተነጠቀችው ሊመለስላት የሚችለው የመጨረሻው ድርሻ ነው። የጋብቻን ዕድሜ 18 ያደረጉት ሕግ አውጪዎች ስለ አጥንት ያሰቡ አይመስለኝም፤ ዘግይታ ለጎረመሰች የደጋ ልጅ ግን ንጣፉ ሥራውን ከሚጨርስበት ጊዜ ብዙም አልራቁም።