ቀይ ሁሉ ደም አይደለም

ልጆቼ፣ ቡናው እስኪፈላ አንድ ነገር ላውጋችሁ። ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ ይባላል፤ እኔ ግን ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ አልሄድም። የምነግራችሁ እዚሁ ሰሚት ኮንዶሚኒየማችን፣ እዚሁ ደረጃችን ላይ የሆነውን ነው።

ያለፈው ጥቅምት አራተኛ ፎቅ ያለችው ልጅ አምስተኛ ወሯን ይዛ ነበር። አንድ ጠዋት ታክሲ ልትይዝ ስትወርድ፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ዓይኗ ጨለመባት። የደረጃውን ብረት እንደያዘች ቁጭ አለች። እኔ በርበሬ ላሰጣ ስወጣ አገኘኋት። ፊቷ አመድ መስሏል፤ ግንባሯን ቀዝቃዛ ላብ አጥምቆታል። ብብቷ ሥር ትንሽ ፔርሙስ ሸጉጣለች። «ምንድን ነው ልጄ?» ብላት፣ «ከርከዴ ነው እማማ። ደም ይተካል ብለው አማቴ ያፈሉልኛል፤ በቀን ሦስት አራት ብርጭቆ እጠጣለሁ» አለችኝ።

ዕድሜዬን በአዋላጅነት ጨርሼ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝና ነገሩ ወዲያው ገባኝ። አማቷን አልወቅስም። ከፍቅር ነው። ልጅቷ ጤና ጣቢያ ሄዳ «ግፊትሽ ዝቅ ብሏል» ስትባል፣ ቤት ደርሳ «አንሷል አሉኝ» አለች። አማት ደግሞ ይህን «ደም አንሷታል» ብለው ሰሙት። ደም ላነሰው ቀይ ነገር ነው ብለው ቀይ ሥር ቀቀሉ፤ አልበቃ ሲላቸው ከርከዴ አፈሉ። ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገሉ ጎፈሬ ማለት ይኸው ነው።

የደም ማነስና የደም ግፊት ማነስ በአፍ ሲጠሩ ወንድማማች ይመስላሉ፤ በሰውነት ውስጥ ግን ለየቅል ናቸው። ይህን ለመረዳት እኛ የኮንዶሚኒየም ሰዎች ትምህርት ቤት መግባት አያሻንም። ውኃው አራተኛ ፎቅ አልወጣ ሲል ውኃው ቀጥኗል እንላለን? አንልም። የሚገፋው ጉልበት አንሶ ነው። ደም ማነስ ማለት ደሙ ራሱ ሲቀጥን ነው። ግፊት ማነስ ማለት ደግሞ ደሙ እያለ ወደ ላይኛው ፎቅ፣ ወደ ጭንቅላት ማለቴ ነው፣ የሚያወጣው ጉልበት ሲጎድል ነው። ያኔ ሰው ከተቀመጠበት ብድግ ሲል ዓይኑ ይጨልማል፣ ጉልበቱ ይከዳዋል።

ከርከዴ ደግሞ ሥራው ይህንኑ ጉልበት መቀነስ ነው። የደም ሥርን ዘና ያደርጋል፣ ሽንትንም ያበዛል። ወሬም አይደለም፣ የተፈተነ ነው። በአሜሪካ በ65 ሰዎች ላይ ተሞክሮ በ2010 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ ግፊታቸው ከፍ ያለ ሰዎች በቀን ሦስት ኩባያ ለስድስት ሳምንት ሲጠጡ፣ የላይኛው ቁጥር በአማካይ ሰባት ያህል ወርዶላቸዋል። በየኩባያው የገባው ደረቅ አበባ አንድ ግራም ከሩብ ገደማ ብቻ ነው። የእኛ ሰው ግን በእፍኙ ዘግኖ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ይጨምርና እንደ ደም እስኪጠቁር ያንተከትከዋል። ልብ በሉ፣ የተፈተነው ግፊታቸው በጨመረ ሰዎች ላይ ነው። ለእነሱ መልካም የሆነው ግፊቷ ለወረደ ነፍሰ ጡር መልካም ነው ማለት አይደለም። ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር።

ነፍሰ ጡር ሴት ደግሞ ያለ ከርከዴም ግፊቷ ይወርዳል። ፅንሱን ለመመገብ ሰውነቷ የደም ሥሮቿን ያሰፋል። ቧንቧው ሲሰፋ ግፊቱ ይቀንሳል። በአምስተኛው ወር አካባቢ በጣም ዝቅ ይልና፣ ወደ መውለጃው ሲቃረብ እንደገና ቀና ይላል። እዚያ ላይ ከርከዴ ሲጨመር፣ ቀድሞ የላላውን ገመድ ይብስ ማላላት ይሆናል።

የዚያን ቀን ልጅቷን በግራ ጎኗ አስተኝቼ፣ ውኃ አጠጥቼ፣ ጥቂት ስትረጋጋ ጤና ጣቢያ ይዣት ሄድኩ። ግፊቷ 88 በ54 ሆኖ ተገኘ። መጀመሪያ ስትመዘገብ 104 በ66 ነበር። ያየቻት ባለሙያ አስተዋይ ነበረች። «ከርከዴው ብቻ ነው» አላለችም። «ወሩም ነው፣ ቁርስ ሳትበዪ መውጣትሽም ነው፤ ከርከዴው ግን አባብሶታል፣ ተዪው» አለቻት። ቁርሷን በልታ፣ ውኃ አዘውትራ፣ ከአልጋ ስትነሣ መጀመሪያ ዳር ላይ ቁጭ ብላ እንድትነሣ መከረቻት። በሳምንቱ ስትለካ 100 በ62 ሆነ።

ጤና ባለሙያዎች «ተዪው» ወይም «ቀንሺው» የሚሉበት ሌላም ምክንያት አለ። በአንዳንድ አገር ከርከዴ የቀረ የወር አበባ ለማምጣት ይጠጣ ነበር። በአይጦች ላይ ሲሞከር ደግሞ፣ እርጉዞቹ ሲጠጡት የግልገሎቻቸው ለአካለ መጠን መድረስ ዘግይቷል። ሰው አይጥ አይደለም፣ እውነት ነው። ሆኖም በነፍሰ ጡር ሴት ላይ ጉዳት እንደሌለው አስተማማኝ ማስረጃ እስካልተገኘ፣ መጠንቀቁ ይሻላል። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ።

«ደም ይተካል» የተባለውም አይሆንም። ቅላቱ የአበባው ቀለም ነው። ደም የሚሠራው ከአይረንና ከምግብ ነው። እንዲያውም ከርከዴ እንደ ሻይና ቡና ሁሉ ከምግብ የምናገኘውን አይረን ሆድ እንዳይመጠው ሊይዘው ይችላል። አንቺ ነፍሰ ጡሯ፣ ከጤና ጣቢያ የሚሰጥሽን የአይረን ኪኒን በውኃ ዋጪው እንጂ በሻይም በከርከዴም አታወራርጂው።

ሳታውቂ አንድ ሁለት ብርጭቆ ጠጥተሽ ከሆነ አትሸበሪ፤ ለክትትል ስትሄጂ ንገሪያቸው። የታሸገ የቅጠል ሻይ ስትገዢም ከጀርባው አንብቢ፤ «ሂቢስከስ» የሚል ካየሽ ያው ከርከዴ ነው።

አንድ ነገር ግን አደራ። ግፊትሽ ወርዶ ሳይሆን ወጥቶ፣ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ከተባልሽ፣ «እንግዲያማ ከርከዴ መድኃኒቴ ነው» እንዳትዪ። ከአምስት ወር በኋላ የሚመጣ የግፊት መጨመር እናትንም ልጅንም የሚያሰጋ ሕመም ሊሆን ይችላል። ራስሽን አጥብቆ ካመመሽ፣ ዓይንሽ ከተጭበረበረ፣ ፊትሽና እጅሽ ካበጠ፣ ከእንብርትሽ በላይ ከወጋሽ፣ ሳታድሪ ሂጂ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።

አማትየውስ? ለካ ፔርሙሱ የራሳቸው ነበር። ግፊታቸው ከፍ ስለሚል ከርከዴውን የለመዱት እሳቸው ናቸው። «የግፊት ኪኒን እየዋጡ ከርከዴ ሲደርቡ የእርስዎም እንዳይወርድ ለሐኪምዎ ይንገሩ» አልኳቸው። እሳቸውም ለሐኪማቸው ነገሩ፤ መጠኑንም ቀነሱ። ምራታቸው አሁን በዚያ ፔርሙስ አጥሚት ነው የምትይዘው።

ይኸው ቡናው ፈላ። አንቺ ነፍሰ ጡሯ፣ አቦሉንና ቶናውን ለእኛ ተዪልን፤ በረካውን ጠብቂ። እሱ ቀጠን ያለ ነው፣ ምርቃቱም ከእሱ ጋር ነው። ማርያም በሽልም ታውጣሽ።