አለመመለስ ውሸት ነውን?

ከይፋግ ተነሥተሽ ባሕር ዳር ለሆቴል እንግዳ ተቀባይነት ልትወዳደሪ ሄድሽ እንበል። ጠያቂው ማስረጃሽን አገላብጦ፣ “አግብተሻል? በቅርቡ ለመውለድ ታስቢያለሽ?” ይልሻል። እውነትን የምትወድ ልጅ ሁሉንም መመለስ አለባት?

ውሸት ሰውን ማሳሳት ነው። ለጠያቂው የማይገባውን ነገር ለራስ ማቆየት ግን ማሳሳት አይደለም። ነፍሰ ጡር ሆነሽ “አይደለሁም” አትበዪ፤ ሁሉን የመዘርዘር ዕዳም የለብሽም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በፆታና በሃይማኖት ማዳላትን ይከለክላል፤ ጋብቻም ሆነ እርግዝና ለስንብት ምክንያት እንዳይሆን ይደነግጋል። ሆኖም ሳይቀጥሩሽ ቢቀሩ ምክንያቱ ይህ መሆኑን ማስረዳት ከባድ ነው። ስለዚህ የአነጋገር ጥበብ ያስፈልግሻል።

ከጥያቄው በስተጀርባ ያለውን ስጋት መልሺ። ብዙ ጊዜ ስጋቱ ከሥራ መቅረት ነው፤ ሕጉ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ከደመወዝ ጋር ይሰጣልና። እንዲህ በዪ፦ “የቤተሰቤን ጉዳይ ለራሴ ባቆየው ደስ ይለኛል። የሚያሳስብዎ የሥራ ሰዓት ከሆነ ግን በማታ ፈረቃም መሥራት እችላለሁ።” የማትችዪውን ቃል አትግቢ፤ “አልወልድም” ብለሽም አትፈርሚ።

ስለ ሃይማኖትሽ ቢጠይቅሽ፣ “ከሥራው ጋር የሚገናኘው በምን በኩል ነው?” በዪው። ጉዳዩ የእሑድ ፈረቃ ከሆነ የማይመችሽን ሰዓት በግልጽ ንገሪው። እዚህ ላይ ግን ልብሽን መርምሪ፦ የምትቆጠቢው ጉዳዩ ስለማይመለከተው ነው ወይስ በእምነትሽ ስለምታፍሪ? ከውጭ ሲታይ ዝምታው አንድ ነው፤ ልዩነቱን የምታውቂው አንቺ ነሽ።