ብድርና ቁራኛ

በአገራችን የቀድሞ ዳኝነት ባለዕዳና አበዳሪ አልስማማ ሲሉ ሁለቱን አንድ ላይ የማቆራኘት ልማድ እንደ ነበር ከሽማግሌዎቻችን ሰምተናል። የአንደኛው ነጠላ ከሌላው ነጠላ ጋር ይቋጠራል፣ አለዚያም በአንድ ሰንሰለት ይታሰራሉ፤ ተበዳሪው እስኪከፍል ወይም ዋስ እስኪጠራ ድረስ አብረው ይውላሉ፣ አብረው ያድራሉ። በሃያኛው ምዕተ ዓመት መባቻ አዲስ አበባን የጎበኙ የውጭ አገር ሰዎችም ይህንኑ አይተው በፎቶግራፍ አስቀርተውታል። ዛሬ ልማዱ ቀርቶ ቃሉ «የአልጋ ቁራኛ» በምንለው አነጋገር ውስጥ ተርፏል።

እኛን የሚያስገርመን የባለዕዳው መታሰር አይደለም። አበዳሪውም አብሮ መታሰሩ ነው። ገንዘቤን አስመልሳለሁ ብሎ የወጣው ሰው ከባለዕዳው ጋር እየዞረ እርሻው ጦሙን ያድራል።

በዚህ ካምፕ ያለን ሰዎች ሰንሰለቱ ባይታይም እንደዚያው ነን። የተበደረ ሰው አበዳሪው ቦኖ ላይ ተሰልፎ ካየ ባዶ ጀሪካኑን ይዞ ይመለሳል። የራሽን ቀን ሲሆን ሌላ ሰው ይልካል። አበዳሪውም ቢሆን ሰላም አያገኝም፤ ያ ሰው አዲስ ጫማ አድርጎ ባየው ቁጥር በልቡ ሒሳብ ይሠራል። ሁለቱም ከዕዳው በፊት ወንድማማቾች ነበሩ።

ከእኛ መካከል ወደ ጅቡቲ ከተማ ወርዶ የሚሠራ አንድ ወዳጃችን አለ። ስሙን አንጠራም። ባልባላ ውስጥ ከሦስት ሰዎች ጋር አንድ ክፍል ተጋርቶ ይኖራል፤ ሥራው ሸክም ነው። ጥሩ በሆነ ወር 44,000 ፍራንክ ያገኛል። ከዚህ ላይ ለቤት ኪራይ 9,000፣ ለምግብ 17,000፣ ለእናቱ 7,000፣ ለዕቁብ 5,000 ይወጣል። የሚተርፈው 6,000 ነው።

ዕቁባቸው የ12 ሰው ነበር፤ ሙሉው 60,000 ፍራንክ ይሆናል። በሦስተኛው ዙር ዕጣው ለወዳጃችን ወጣ። በዚያው ሳምንት የአክስቱ ልጅ መጣና ልጁ አገር ቤት እንደ ታመመበት፣ ለሕክምና 40,000 ፍራንክ እንደሚያስፈልግ፣ በሁለት ወር ውስጥ እንደሚመልስ ነገረው። ወዳጃችን በእጁ 60,000 ፍራንክ ይዞ እንዴት የለኝም ይበል? ይሉኝታ ያዘው። ቆጥሮ ሰጠው።

አሁን ሒሳቡን እንመልከት። ወዳጃችን እስከዚያ ቀን ድረስ ለዕቁቡ የከፈለው በሦስት ዙር 15,000 ብቻ ነው። የቀረው 45,000 ጓደኞቹ ያዋጡትና በሚቀጥሉት ዘጠኝ ዙሮች ሊመልሰው የሚገባው ገንዘብ ነበር። ዕቁብን ቀድሞ የበላ ሰው ሀብታም ይምሰል እንጂ ተበዳሪ ነው። ስለዚህ ካበደረው 40,000 ውስጥ ቢያንስ 25,000ው የሌላ ሰው ገንዘብ ነበር። ይህን ግን እሱም የአክስቱ ልጅም በዚያ ቀን አላሰቡትም።

በጋው ገባ፤ የከተማውን ሙቀት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ሥራ ቀዘቀዘ። የአክስቱ ልጅ በሁለት ወር አልከፈለም፣ በአራትም አልከፈለም። ወዳጃችን ሦስት ዙር ሳይከፍል ቀረና ዕቁቡ ሲወጣለት ዋስ የሆነው ሰው 15,000 ፍራንክ ከኪሱ ከፈለ። ይህ ዋስ የታመመውን ሕፃን አያውቀውም፤ አበድር ብሎም አልመከረም። ወዳጃችን ከአክስቱ ልጅ ጋር ተኳረፈ፣ ዋሱ ደግሞ ከወዳጃችን ጋር ተኳረፈ።

እንግዲህ ሰው ለታመመ ሕፃን ሲጠየቅ ወሰን ያበጃል ወይ? የሚለው ጥያቄ ይመጣል። ያበጃል እንላለን። ወሰኑም የሚለካው በጠያቂው ችግር አይደለም፤ የሰው ችግር ልክ የለውምና። የሚለካው ቢጠፋብን የኪራዩን፣ የምግቡን፣ የእናታችንንና የዕቁቡን ገንዘብ በማይነካው መጠን ነው። ለወዳጃችን ከሚተርፈው 6,000 ላይ ለራሱ ሕመም 2,000 ቢያስቀምጥ የወር ወሰኑ 4,000 ይሆናል። ባንዱ ወር ጠያቂ ካልመጣ ለሚቀጥለው ይጠራቀማል። ሱቅ ሄዶ «በእኔ ስም ጻፍለት» ማለትም ከዚሁ ወሰን ይቆጠራል፤ ዋስ መሆንም እንደዚሁ። ብዙዎቻችን ወሰን አለን እያልን የምንጠፋው በእነዚህ በሁለቱ ነው፤ ገንዘቡ ከእጃችን ሲወጣ ስለማናየው።

ያን ቀን 4,000 ሰጥቶ ለቀረው ሌላ መንገድ ነበረ። ጉዳዩን ለዕቁቡ ዳኛ ነግሮ አባላቱ እንዲያዋጡ መጠየቅ፣ ወይም የአክስቱ ልጅ ዋስ ጠርቶ በስሙ ዕቁቡ ውስጥ ገብቶ ቀጣዩን ዙር እንዲወስድ መለመን ይቻል ነበር። ዕቁብተኞች እንዲህ ያለ ችግር ሲገጥም ተራቸውን መልቀቃቸው የታወቀ ነው። ያን ጊዜ ዕዳውን የሚያውቁት 12 ሰዎች ይሆናሉ፤ እሺ ወይም አይሆንም ማለትም የእነርሱ ፈንታ ነው።

ወሰኑን ካበጀን በኋላ በውስጡ የምንሰጠውን እንደ ስጦታ እንቁጠረው የምንለው ለዚህ ነው። እዚህ ላይ አንዳንድ ወንድሞች የሚያነሡት ተቃውሞ ተገቢ ነው። ሰውየው የጠየቀው ብድር ነው፣ ምጽዋት አይደለም፤ ስጦታ ነው ብንለው ክብሩን መንካት ይሆናል፤ ስጦታ ነው ብለን በልባችን ይዘን ብድር ነው ብንለው ደግሞ መዋሸት ነው ይላሉ። እኛ እንደሚመስለን ግን ሁለቱ ነገር ይለያያል። እመልሳለሁ የሚለው ቃል የእሱ ነው፤ እንዲጠብቀው ልንተውለት ይገባል። አልጠይቅም የሚለው ደግሞ የእኛ ውሳኔ ነው። ለራሳችን የገባነውን ቃል አለመንገር ውሸት አይሆንም። ውሸት የሚሆነው በአፋችን «ምንም አይደል» ብለን ማታ ለጎረቤት ስናወራ ነው። ስጦታ ያልነውን ለሦስተኛ ሰው ካነሣነው ስጦታ አልነበረም ማለት ነው፤ ራሳችንን የምናውቅበት ምልክት ይኸው ነው።

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 6 መመለሱን ተስፋ ሳያደርጉ ማበደር ታዟል። በቁርአንም በሱራ አል በቀራ ለተቸገረ ባለዕዳ ጊዜ መስጠት፣ መተው ደግሞ የበለጠ መሆኑ ተነግሯል፤ ከዚያው ሥር በቀጠሮ የሚሰጥ ብድር በጽሑፍ ይሁን ይላል። ሁለቱ ጎን ለጎን መሆናቸውን እንወደዋለን። መጻፍ ላለበት ብድር እንጻፍ፤ ለምሳሌ የንግድ ገንዘብ ከሆነ። በአክስት ልጆች መካከል ግን ወረቀቱን ይዘን የምንሄድበት ዳኛ የት አለ?

ቢመልስስ? መቀበል ነው። አልቀበልም ማለት «ድሮም ከአንተ አልጠበቅሁም» እንደ ማለት ይሰማል። የተመለሰውም ለሚቀጥለው ጠያቂ ይቀመጣል። ጎደለ ብሎ ማጉረምረም ግን አይገባም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ አገር ቤት ላለ ዘመድ 10,000 ብር ያበደሩ ሰዎች ይህን ቀምሰዋል። በባንክ ስሌት ከዚያ በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 አለፈ። የጅቡቲ ፍራንክ ግን ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዶላር 177 ላይ እንደ ቆመ ነው። ስለዚህ 31,000 ፍራንክ ያህል የነበረው ገንዘብ ከ18,000 በታች ሆኖ ተመለሰ። ዘመዱ አላታለለም፤ አሥር ሺህ ወስዶ አሥር ሺህ መልሷል። አበዳሪውም ተጎድቷል። ማን ይካሥ ብለን ብንከራከር እስከ ነገ አንጨርስም።

እምቢ ማለትን በተመለከተ፣ ምክንያት መደርደር ይበልጥ ይጎዳል። «ደመወዜ ዘገየ» ካልነው ሰውየው ደመወዝ በሚከፈልበት ቀን በር ላይ ይጠብቀናል። «በዚህ ወር የምችለው ይህን ያህል ነው፤ አትመልስልኝም ብዬ አልጨነቅም» ማለት ይበቃል። ለታላላቆቻችን ደግሞ «አባባ፣ አቅሜ ይኸው ነው፤ አይቀየሙኝ» ብሎ ሁለት እጅ ዘርግቶ መስጠት ነው።

ወዳጃችን ለዋሱ 15,000ውን በአምስት ወር፣ በየወሩ 3,000 እየከፈለ ጨረሰ። ሕፃኑ ድኗል። የአክስቱ ልጅ ባለፈው ጾም መያዣ አካባቢ መጥቶ 10,000 ፍራንክ በጨርቅ ጠቅልሎ ሰጠው። ወዳጃችን ተቀበለ፤ ስንት እንደ ቀረ አላነሣም፤ ልጁ ስንተኛ ክፍል እንደ ገባ ጠየቀው።