ለዕጣ ገንዘብ ስንት ይቆረጥ?

የእናቴ ወንድም ደብረ ብርሃን ውስጥ የጥበቃ ሠራተኛ ናቸው። በ2012 ዓ.ም. ሎተሪ ወጣላቸው፤ 500,000 ብር። ገንዘቡን ተቀብለው ሲመጡ ግን እጃቸው ላይ የነበረው 425,000 ነው። 75 ሺህው የት ሄደ ስንላቸው፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው «የመንግሥት ነዋ» አሉና ዝም አሉ። በዚያ ብርድ ቤቱ ሙሉ ሰው ተሰብስቦ፣ ቆሎው እየዞረ፣ ነገሩ እዚያ ላይ ባለቀ ጥሩ ነበር።

እህቴ አላስቆመችውም። ባንክ ነው የምትሠራው፤ ያኔ ደሞዟ 12,000 ብር ነበር። «እንኳን ደስ ያለዎት ጋሼ፣ ግን እኔን ከየወሩ 2,700 ብር ይቆርጡኛል። ከመቶ ሃያ ሁለት ተኩል መሆኑ ነው። እርስዎ ቁጭ ብለው ለመጣ ገንዘብ አሥራ አምስት?» አለቻቸው። ጋሼ አልተቆጡም። «አንቺ የሚቀጥለው ወር ላይም ደሞዝ አለሽ። ይቺ ግን ነገ አትመጣም» አሏት። እኔ ያን ቀን ሁለቱም ትክክል መስለውኝ ነበር። ችግሩ ሁለቱም ትክክል ከሆኑ ሕጉ የማንን መስማት አለበት የሚለው ነው።

ሕጉን አውጥቼ አየሁት። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ገቢን በሠንጠረዥ ይከፋፍላል፤ ደሞዝ አንድ ቦታ፣ ኪራይ ሌላ ቦታ፣ ንግድ ሌላ ቦታ። የዕድል ጨዋታ ደግሞ «ሌሎች ገቢዎች» ውስጥ ነው፤ ከጠቅላላው ላይ 15 በመቶ፣ ሽልማቱን የሚከፍለው አካል እዚያው ቆርጦ ያስቀራል፣ በቃ። ከደሞዝ ጋር አይደመርም። (ለላቀ ሥራ የሚሰጥ የሕዝብ ሽልማት ደግሞ ጨርሶ ነፃ ነው። ሕጉ በዕድል የመጣውንና በሥራ የመጣውን ሽልማት ይለያል ማለት ነው።) የደሞዙ ሠንጠረዥ በአንጻሩ ደረጃ በደረጃ ይወጣል፤ ያኔ የመጀመሪያው 600 ብር ነፃ ሆኖ፣ ከ10 በመቶ ጀምሮ ከ10,900 ብር በላይ ያለው ላይ 35 ይደርስ ነበር። ይህ ሠንጠረዥ በ2017 ዓ.ም. ተሻሽሏል፤ እኔ ግን የማሰላው ጋሼ ዕጣው በወጣላቸው ጊዜ በነበረው ነው።

እህቴ የምትለው «ይደመር» ነው። አሜሪካ እንደዚያ ያደርጋሉ፤ የሎተሪ ገንዘብ ከዓመቱ ገቢ ጋር ተደምሮ በደረጃው ይቀረጣል። ሕንድ ግን እንደኛ አንድ ወጥ ነው፣ መጠኑ 30 በመቶ ቢሆንም። እንግሊዝ ከናካቴው አይነካውም። ስለዚህ «ዓለም የሚያደርገው ይህን ነው» ብሎ መገላገል አይቻልም፤ ቁጭ ብሎ ማስላት ይሻላል።

አሰላሁት። የጋሼ ደሞዝ 3,000 ብር ነበር፣ በዓመት 36,000። የወሩን ሠንጠረዥ በ12 አባዝቼ 500 ሺህውን ደመርኩበት። ለዕጣው ብቻ የሚጨመርባቸው ግብር 165,910 ብር ይሆናል። ተመሳሳይ ዕጣ ለእህቴ ቢወጣላትስ? 175,000። ሁለቴ አሰላሁት፣ ያው ነው። የእህቴ ደሞዝ የጋሼን አራት እጥፍ ነው፤ የግብሩ ልዩነት ግን 9,090 ብር ብቻ! ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ዕጣው ራሱ ጥበቃውን በአንድ ቀን እላይኛው ደረጃ ላይ ይሰቅለዋል። ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ ድሃ ነበር፣ ከርሞም ድሃ ሊሆን ይችላል፤ ሠንጠረዡ ግን የሚያየው ያችን አንድ ዓመት ነው። እንግዲህ ትልቅ ዕጣ ላይ «ይደመር» ማለት ሀብታምና ድሃ መለየት ሳይሆን፣ በስሙ ደረጃ ያለው በተግባሩ ግን ሌላ አንድ ወጥ ግብር ማምጣት ነው፤ 15ቱን ወደ 33 ማድረስ።

እዚህ ላይ ለጋሼ ልፈርድላቸው ነበር። ትንሹን ዕጣ ሳየው ግን ተገለበጠብኝ።

በወር 500 ብር የሚያገኝ ሊስትሮ አስቡ፤ 2,000 ብር ደረሰው። በአንድ ወጥ ሕግ 300 ብር ይቆረጥበታል። ቢደመርለት የዓመት ገቢው 8,000 ነው፤ ነፃው 7,200 ስለሆነ በቀሪው 800 ላይ 10 በመቶ፣ ማለትም 80 ብር ብቻ ነው የሚከፍለው። አንድ ወጡ የሚጎዳው እዚህ ታች ነው። ባለ ትልቅ ዕጣውን ያሳርፈዋል፣ ባለ ትንሹን ያጎብጠዋል። አዋጁ ይህን ለማቃለል ከ1,000 ብር በታች የሆነውን ትቶታል፤ ጥሩ፤ ግን ወሰኑ ገደል ነው። 999 ብር ያሸነፈ 999 ይዞ ይሄዳል፣ 1,000 ያሸነፈ 850።

ቤቲንግ ቤት የምትውሉ ደግሞ የበለጠ የሚያንገበግበውን ታውቁታላችሁ። ሕጉ የተበላ ገንዘብ አይቀንስም። ሃያ ጊዜ በመቶ በመቶ ብር ቆርጦ አሥራ ዘጠኙን የተበላ፣ በአንዱ 1,500 ያገኘ ልጅ፣ ከኪሱ 2,000 ወጥቷል። 500 ብር ከስሯል። ያም ሆኖ 225 ብር ግብር ተቆርጦበታል። ይህ የገቢ ግብር ነው ቢሉኝ አልቀበልም፤ ገቢ የለማ! የአንኮበር ገበሬ አያቶቻችን አሥራት ሲከፍሉ ከምርቱ አንድ አሥረኛ ነበር፤ ለዘርና ለበሬ ያወጡት አይቀነስላቸውም። ቤቲንግ ቤት የሚሠራው ስሌት የዚያ የቅርብ ዘመድ ነው።

ታዲያ ለምን አንደምርም? አንዱ መልስ አሰልቺ ግን እውነተኛ ነው፤ የሚደመርበት ወረቀት የለም። እኛ አገር ደሞዝተኛ ግብሩን አሠሪው በየወሩ ይቆርጥለታል እንጂ በዓመቱ መጨረሻ ገቢውን አያሳውቅም። ለአንድ ቲኬት ብሎ ጥበቃውንም ሊስትሮውንም ግብር ቢሮ ማሰለፍ ከሚሰበሰበው በላይ ድካም ነው። አንድ ወጡ ፍትሕ ስለሆነ አይደለም የቆየው፣ ስለሚቀል ነው። ይህን በግልጽ ብንነጋገር ደስ ይለኛል።

እኔን ያሳመነኝ መሃል መንገድ ማከፋፈል ነው። ገንዘቡ እንደ አሥር ዓመት ገቢ ይቆጠር፤ በየዓመቱ 50,000 ብር ከደሞዙ ጋር ይደመር። አሜሪካኖቹ ገቢን በብዙ ዓመት አማካይ የማስላት ሕግ ነበራቸው፤ በ1986 እ.ኤ.አ. ሻሩት። በዚህ መንገድ ጋሼ በጠቅላላው 110,300 ብር ይከፍላሉ፣ እህቴ ግን ያው 175,000። አሁን ጥበቃውና ባንከሯ ተለዩ። ደግሞ እህቴ 500 ሺህ ብር በደሞዝ ለማግኘት ሦስት ዓመት ተኩል ያህል መሥራት አለባት፤ በዚያ ጊዜ የሚቆረጥባት 112,500 ነው። ከጋሼው ጋር ሊገጥም ምንም አልቀረው። ትንሽ ዕጣን ደግሞ እስከ ጥቂት ሺህ ብር ድረስ ለሁሉም ነፃ ማድረግና፣ ግብሩን ከወሰኑ በላይ ባለው ላይ ብቻ መጣል ገደሉን ያጠፋዋል።

ስሌቱን ጽፌ ለጋሼ ወሰድኩላቸው። 425 ሺህው አንኮበር ላይ የእህል ወፍጮ ሆኗል፤ 35 ሺህ ቢጨመርባቸው ኖሮ ሞተሩን አይገዙትም ነበር፣ ይህንን እሳቸውም አልደበቁኝም። እህቴ ግን ወረቀቱን ወዳዋለች። ጋሼ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ አስነበቡኝና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«መልካም ነው። ግን ልጄ፣ አሥር ዓመት ትኖራለህ ብሎ የነገረኝ ማነው?»