ያጠረው ገለጻና የተያያዘው አባሪ

ረጅም ቴክኒካዊ ገለጻ ሲቀርብ ያልተገኘ ኃላፊ፣ ከገለጻው በኋላ የሚደርሰው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የተሰናዳ ማጠቃለያ ነው። ከግርጌው «ዝርዝሩ በአባሪነት ተያይዟል» የሚል ዐረፍተ ነገር ይሰፍራል። ይህች ዐረፍተ ነገር በቢሮ ልማድ የትሕትና መልክ ይኑራት እንጂ፣ ሸክምን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው የምታሸጋግር ናት። ስላይዶቹን ያያያዘ ሰው፣ አንባቢው ሳያየው ስለቀረው ነገር ከተጠያቂነት ነጻ ይሆናልን?

ኮሎምቢያ የተባለችው የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 16 ቀን 2003 ስትነሳ፣ በ82 ሰከንድ ገደማ ከነዳጅ ታንኳ የተገነጠለ አረፋ መሰል የሙቀት መከላከያ ቁራጭ የግራ ክንፏን መታው። ጉዳቱን እንዲገምቱ የተመደቡት መሐንዲሶች ጃንዋሪ 24 ማለዳ 1 ሰዓት ላይ ያገኙትን በስላይድ አቀረቡ። ክፍሉ ሞልቶ በኮሪደሩ የቆሙም ነበሩ። ከአንድ ሰዓት በኋላ፣ ገለጻውን ያዳመጠው ኃላፊ በረራውን ለሚመራው ጉባኤ ነገሩን በቃል አሳጥሮ ነገረ። ከአጀንዳዎቹ ሦስተኛው ነበር፤ ስላይዶቹም አብረው አልቀረቡም። ተናጋሪው ብዙ ያልተረጋገጠ ነገር እንዳለ ጠቅሶ፣ ስሌቱ ግን መንኮራኩሯን አደጋ ላይ የሚጥል ቃጠሎ እንደማያሳይ አስረዳ። በውይይቱ ይኸው ሐሳብ እንደገና ሲደገም ደግሞ ይበልጥ አጠረና «ለበረራው የሚያሰጋ ነገር የለም» ወደሚል ተለወጠ። ማጠቃለያው ራሱ ተጠቃለለ ማለት ነው። ፌብሩዋሪ 1 መንኮራኩሯ ወደ ምድር ስትመለስ ተበታተነች፤ ሰባቱም ተጓዦች ሞቱ።

እዚህ ላይ «ስላይዶቹ ቢያያዙ ኖሮ» ማለት ቀላል ነው። ነገር ግን ከመካከላቸው አንዱን፣ በኋላ የአደጋው መርማሪ ቦርድ በሪፖርቱ ያሳተመውን፣ መመልከት ይበቃል። ርእሱ የሙከራ ውጤቶች ሲመረመሩ ግምቱ «ጥንቃቄ ያለበት» መሆኑን ያሳያሉ የሚል ነው፤ ለሚቸኩል ዐይን «አትስጉ» እንደማለት ይነበባል። ከርእሱ ሥር ነጥብ በነጥብ፣ ደረጃ በደረጃ ፊደሉ እያነሰ ይወርዳል። አምስት ጊዜ «ከፍተኛ» የሚል ፍቺ ያለው ቃል ይመጣል፤ በየቦታው ግን የሚለው አንድ አይደለም። ከግርጌው መጨረሻ ላይ፣ በረራው ከሙከራዎቹ ክልል በእጅጉ የወጣ መሆኑ ተጽፏል፤ በሙከራ የተተኮሰው ቁራጭ 3 ኪዩቢክ ኢንች ሲሆን ክንፉን መታው ተብሎ የተገመተው 1920 ነበር። 640 እጥፍ! ግምቱ የቆመበት መሠረት እንደማይሸከመው የሚናገረው ይህ መስመር ነበር፤ ቦታው ግን የመጨረሻው ነው። እንዲህ ያለ ስላይድ ሲያያዝ እውነቱ አልተደበቀም፤ አልተነገረምም።

ስለዚህ የሥነ ምግባሩ ጥያቄ ስለ ርዝመት አይደለም። ማሳጠር ሁልጊዜ መጣል ነው፤ ማንም ሁሉን ይዞ አያጥርም። የሚያስጠይቀው ምን እንደተጣለ ነው። ጊዜ ሲያጥር በቀላሉ ከሚወድቁት መካከል «ምናልባት»፣ «እስከ አሁን»፣ «በዚህ ሁኔታ ብቻ» የሚሉት ይገኛሉ። ጥቃቅን ስለሚመስሉ ይረገፋሉ። «ጉዳት መኖሩ አልተረጋገጠም» የሚለው «ጉዳት የለም» የሚሆነው ማንም ሳይዋሽ ነው።

ጸሐፊው አምስት ደቂቃ ብቻ ቢኖረው እንኳ፣ ከመጀመሪያው ስላይድ ጀምሮ ወደ መጨረሻው ከመውረድ ይልቅ አቅራቢዎቹ አናውቅም ካሉት ቢነሣ ይሻላል። በኮሎምቢያ ጉዳይ ማጠቃለያው ሁለት ዐረፍተ ነገር ይበቃው ነበር፦ ስሌቱ አደጋ አያሳይም፤ ነገር ግን የተመሠረተው በ640 እጥፍ ባነሰ ቁራጭ ላይ ነው። ሁለተኛውን የሰማ ኃላፊ ቢያንስ አንድ ጥያቄ መጠየቁ አይቀርም። አባሪውም «ተያይዟል» ከሚባል ይልቅ የትኛው ስላይድ፣ የትኛው መስመር መነበብ እንዳለበት ቢጠቁም አባሪነቱ እውነተኛ ይሆናል። ማጠቃለያው ከመሰራጨቱ በፊት ከአቅራቢዎቹ አንዱ ቢያየው ደግሞ፣ የራሱን ጥርጣሬ በውስጡ ማግኘት አለማግኘቱን ለመናገር አንድ ንባብ ይበቃዋል።

አንባቢውም ግዴታ አለበት የሚል ክርክር ይነሣል፤ ትክክል ነው። የጉባኤው ሰዎች ስላይዶቹን መጠየቅ ይችሉ ነበር። መሐንዲሶቹ ግን ቀደም ብለው የክንፉ ፎቶግራፍ በምሕዋር ላይ እንዲነሣ ጠይቀው ጥያቄው ተቋርጦባቸው ነበር። በአንድ ወገን መስማት ያልፈለገ፣ በሌላ ወገን ደምቆ ያልተነገረ ነገር ሲገናኙ፣ ጥፋቱን በአባሪው ላይ ማሳረፍ ለሁሉም ይመቻል። ፎቶግራፉ ቢነሣ ተጓዦቹ ይድኑ ነበር ብሎ በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም፤ ማጠቃለያው ያስቀረው ግን መዳንን ሳይሆን መጠየቅን ነው።

ጁላይ 7 ቀን 2003 በቴክሳስ፣ 1920 ሳይሆን ቢሆንም ለእውነተኛው የሚቀራረብ መጠን ያለው የአረፋ ቁራጭ በክንፉ የፊት ጠርዝ ላይ ባለው የካርቦን ሽፋን ላይ ተተኮሰ። በሽፋኑ ላይ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ቀዳዳ ተከፈተ።