ተጠባባቂው እየጠበቀ ነው

ወጣቶች ሆይ፣ ሥራ ማግኘት በሚያስቸግርበት ዘመን ሁለት ጥሪ በአንድ ሳምንት ሲመጣ ደስታው ራሱ ያስቸግራል። የሚሻለውን ከያዝን በኋላ ለሌላኛው ምን ዕዳ አለብን?

በመካነ ሰላም ሒሳብ የተማረች አንዲት ልጅ እናስብ። በከተማዋ ያለ አንድ ትምህርት ቤት ፈተናውን አልፋለችና መጥታ እንድትፈርም ጠራት፤ እርሷም «አስቤ ልመለስ» አለች። በማግስቱ ከደሴ የተሻለ ደመወዝ ያለው ሥራ መጣላትና ፈረመች። ብዙዎቻችን በዚህ ጊዜ ስልካችንን ዘግተን እንጠፋለን፤ «አይ» ማለት ያሳፍረናልና።

ዝምታችን ግን የሚጎዳው ቀጣሪውን ብቻ አይደለም። በፈተናው ሁለተኛ የወጣው ሰው በተጠባባቂነት ተይዟል። ምናልባት ስልክ የማይዝበት ቀበሌ ገብቶ ቤተሰቡን እያገዘ ይሆናል። ትምህርት ቤቱ እርሷን በጠበቀ ቁጥር እርሱም ይጠብቃል። ስለዚህ ደብዳቤው የደሴው ውል በተፈረመበት ቀን ቢጻፍ መልካም ነው፤ ከዚያ በፊት መጻፍ ደግሞ ሁለቱንም ሊያሳጣ ይችላል።

እንዲህ ማለት ይበቃል፦

«ጉዳዩ፦ የቀረበልኝን ቅጥር አለመቀበሌን ስለ ማሳወቅ

በሒሳብ ሠራተኛነት እንድቀጠር ስለ መረጣችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ሌላ ሥራ ስለ ተቀበልኩ ይህን ቅጥር መቀበል አልችልም። ቦታውን ለተጠባባቂው መስጠት እንድትችሉ ፈጥኜ አሳውቃለሁ። ወደፊት በሙያዬ ክፍት ቦታ ሲኖር ብወዳደር ደስ ይለኛል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር»

ደብዳቤው «ምናልባት» የሚል ቃል የለውም፤ እርግጡን ካልተናገረች ተጠባባቂው አይጠራም። የደመወዙን ልክም አልጻፈችም፤ ብትጽፈው ጨረታ ይመስላል። «ታምሜ ነው» ማለት ግን ውሸት ነው፤ በትንሽ ከተማ ደግሞ ደሴ መሥራቷ ሳምንት ሳይሞላ ይሰማል፤ ያን ጊዜ በሩ ይዘጋል። የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገርም ከልቧ ከሆነ ብቻ ትጻፈው፤ መመለስ የማትፈልግ ከሆነ ምስጋናው ይበቃል። ደብዳቤውን በእጇ ለመዝገብ ቤት ሰጥታ ቅጂው ላይ ብታስፈርም ይመረጣል።

አስቀድማ «እሺ፣ እመጣለሁ» ብላ ቢሆንስ? ያኔ ነገሩ ይከብዳል፤ ግብዣ መመለስ ሳይሆን ቃል ማጠፍ ነውና። ፈርማ ከሆነ ደግሞ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ በሙከራ ጊዜ ያለ ማስጠንቀቂያ መልቀቅን ይፈቅዳል፤ ከዚያ በኋላ ግን የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይጠይቃል። ሕጉ ስለ ፈቀደ ብቻ ግን አትጻፍ። ቀርባ፣ ቃል መግባቷን አምና፣ ተጠባባቂው እስኪገባ ጥቂት ቀን ሥራውን ልታግዝ እንደምትችል ትጠይቅ። እነርሱም ቅር ሊላቸው ይችላል፤ ቅር ማለታቸውም ልክ ነው።